መስመሩ ከቀለሙ ይቀድማል

ሊፕስቲክ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው የፊት ቆዳ ነው። «ይህ ለጠይም ይሄዳል፣ ያ ለቀይ ያምራል» ተብሎ ይገዛል፤ ቤት ተገብቶ ሲቀባ ግን ሱቅ ውስጥ የታየው ቀለም አይገኝም። ሊፕስቲክ የሚያርፈው ፊት ላይ ሳይሆን የራሱ ቀለም ባለው ከንፈር ላይ ነውና። ሊፕስቲክ ከሰም፣ ከዘይትና ከቀለም የሚሠራ ስስ ሽፋን ነው፤ በጣም የደፈነ ካልሆነ በስተቀር ከሥሩ ያለውን ያሳያል። የከንፈር ቆዳ ደግሞ ከሌላው የፊት ቆዳ ይሳሳል። በቀይ ሰው ላይ ከሥሩ የሚያልፈው ደም ሮዝ አድርጎ ያሳየዋል። በጠይምና በጥቁር ሰው ላይ ለቆዳው ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ከንፈሩም ላይ ስላለ መልኩ ወደ ቡናማ፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጠቆር ያለ ሮዝ ያደላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሊፕስቲክ የተቀቡ ሁለት እህትማማቾች የተለያየ ቀለም የተቀቡ ቢመስሉ አያስገርምም።

ጠይም በሆኑ ሰዎች ዘንድ፣ በኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በጣም የተለመደ ሌላ ነገር አለ፦ የላይኛው ከንፈር ጠቆር፣ የታችኛው ፈካ ብሎ ይገኛል። ጠርዙም ከመሃሉ ይልቅ ይጠቁራል። ይህ ሕመም ወይም ጉድለት አይደለም፤ ሜላኒኑ በሁለቱ ከንፈሮች ላይ እኩል ባለመከፋፈሉ የሚመጣ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ፈካ ያለ ሮዝ ሊፕስቲክ በዚህ ከንፈር ላይ ሲቀባ ከላይ ሐምራዊ፣ ከታች የረሜላ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ጥፋቱ የሊፕስቲኩ አይደለም፤ የታየው ሳይታይ የቀረው ከንፈር ነው።

ከንፈርን ለማየት ፊት ታጥቦ፣ ቅባት ካለ ተጠርጎ፣ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ መቆም ይበቃል። የቤት አምፖል ብዙ ጊዜ ቢጫ ስለሆነ ያሳስታል፤ የሱቅ መብራትም እንዲሁ። አፍ ሳይጨበጥና ሳይነከስ፣ በዕረፍት ላይ እንዳለ ይታያል። መታየት ያለበት የጠርዙ ቀለም፣ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው የቀለም ልዩነት፣ እንዲሁም የእያንዳንዱ ከንፈር ውፍረት ነው። ብዙ ሴቶች «ከንፈሬ ስስ ነው» የሚሉት የላይኛውን ብቻ አይተው ነው፤ የታችኛው ሙሉ ሆኖ ሳለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ከንፈር ሁለቱን አንድ ላይ ማስፋት ሳይሆን የላይኛውን ብቻ ወደ ታችኛው ማቅረብ ነው የሚበጀው።

ከዚህ ቀጥሎ ማወቅ የሚያስፈልገው ዓይን ብርሃንና ጨለማን እንዴት እንደሚያይ ነው። ፈካ ያለና የሚያብረቀርቅ ነገር ወደ ፊት ወጥቶ ትልቅ መስሎ ይታያል። ጠቆር ያለና የማያብረቀርቅ ወደ ኋላ ሸሽቶ ያንሳል። ጥቁር ወይን ጠጅ ማት ሊፕስቲክ ስስ ከንፈርን ክር የሚያደርገው፣ ያው ቀለም ወፍራም ከንፈርን ጥርት አድርጎ የሚያሳምረው በዚህ ምክንያት ነው። ግን «ፈካ ያለ» እና «ጠቆር ያለ» የሚባለው ከዙሪያው ቆዳ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ይህ ነጥብ በብዙ የውበት ምክር ውስጥ ይዘለላል። አንድ የቡና ቀለም ያለው ሊፕስቲክ በቀይ ሴት ፊት ላይ ጠቆር ብሎ ከንፈሯን ያሳንሳል። በጥቁር ሴት ፊት ላይ ግን ከቆዳዋ የፈካ በመሆኑ ከንፈሯን ወደ ፊት ያወጣዋል። «ከንፈሩ ስስ የሆነ ሰው ቡናማ አይቀባ» የሚለው ምክር የነጭ ቆዳን ብቻ ያሰበ ነው።

የ«ኑድ» ቀለሞች ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። ኑድ ማለት ከሰውየዋ ቆዳና ከንፈር ጋር የሚዋሃድ ቀለም እንጂ አንድ የተወሰነ የብስኩት ቀለም አይደለም። ፈዛዛ ቀለሞች የሚፈዝዙት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ስለሚጨመርባቸው ነው። ያ ነጭ ጠቆር ባለ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ካለው ቡናማ ጋር ተደባልቆ አመድ ያወጣል፤ ከንፈሩ የደረቀ ወይም ብርድ የመታው ይመስላል። ለጠይም ሴት ኑድ የሚሆነው ካራሜል፣ ቀረፋ ወይም የሸክላ ቀለም ያለው ነው። ለጥቁር ሴት ቸኮሌት፣ ጥቁር ቡናማ ወይም ወደ ወይን ያዘነበለ ቡናማ ይሆናል። ቀይ ዳማ የሆነች ሴት ወደ ኮክ ፍሬ ቀለም ያደላ ቡናማ ይስማማታል። ጥሩ መነሻ የሚሆነው የታችኛው ከንፈር የውስጥ ክፍል ነው፦ ከንፈሩን ትንሽ ገልበጥ አድርጎ የሚታየውን ቀለም ማስታወስና ከእርሱ አንድ ደረጃ የሚጠቁር ሊፕስቲክ መፈለግ። ሱቅ ውስጥ ለመሞከርም የጣት ጫፍ ሥጋ ከእጅ ጀርባ ይሻላል፤ የጣት ጫፍ እንደ ከንፈር ቀላ ያለ ነውና። ሌሎች ሲቀቡት የዋለውን የሱቅ መሞከሪያ በቀጥታ ከንፈር ላይ ማድረግ ደግሞ የከንፈር ቁስል ሊያስተላልፍ ስለሚችል ጨርሶ አይመከርም።

ከጥቁረትና ከቅላት ሌላ ቆዳ ውስጥ የሚታይ ቃና አለ፤ ባለሙያዎች አንደርቶን ይሉታል። ሁለት ጠይም ሴቶች እኩል ጠይም ሆነው አንዷ ወደ ወርቅማ ቢጫ፣ ሌላዋ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ሰማያዊ ልታደላ ትችላለች። የእጅ ደም ሥር አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ የሚለው የታወቀ ፈተና ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብዙም አይሠራም፤ ደም ሥሩ ራሱ በደንብ አይታይምና። የሚሻለው ሁለት ጨርቅ ተራ በተራ አንገት ሥር ማድረግ ነው፦ አንዱ ንጹሕ ነጭ፣ ሌላው ወተትማ ነጭ። ንጹሑ ነጭ ፊቱን ጥርት ካደረገው ቃናው ቀዝቃዛ ነው፤ ወተትማው ካሳመረው ሞቃት ነው። ሁለቱም ከሄዱ በቃና ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ሞቃት ቃና ላላት ሴት ወደ ብርቱካን፣ ወደ ጡብና ወደ በርበሬ የሚያደላ ቀይ ይስማማታል። ቀዝቃዛ ለሆነችው እንደ ሮማን ፍሬ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀይ፣ እንጆሪ ወይም ወይን ጠጅ ያምርባታል። ይህ ግን ሕግ አይደለም፤ ደማቅ ቀይ በየትኛውም ቆዳ ላይ ሊያምር ይችላል።

ከቃናው ይልቅ ብዙ ጊዜ ምርጫውን መወሰን ያለበት ጥርስ ነው። ብርቱካንማና ቡናማ ሊፕስቲክ የጥርስን ቢጫነት ያጎላል፤ ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀይ ግን ጥርስን ያነጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞችና መንደሮች ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለውን የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጥርስ ላላት ሴት፣ ቆዳዋ ሞቃት ቢሆን እንኳ፣ የጡብ ቀለም ያለውን ትታ የሮማን ቀለም ያለውን ብትወስድ ልዩነቱ በመጀመሪያው ፈገግታ ይታያል።

መስመር የማስመሩ ጉዳይ ከቀለም ምርጫ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከንፈር የሚያልቅበትን ድንበር ተከትሎ፣ በተለይ ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ ቀጭን ከፍ ያለ ጠርዝ አለ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል። ከንፈርን ሳያጋልጡ ማስፋት የሚቻለው እስከዚህ ጠርዝ ድረስ ነው። ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በደንብ ከተቀረጸ የሊፕ ላይነር ጫፍ ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚያ ካለፈ ቀለሙ ያረፈው ተራ የፊት ቆዳ ላይ ይሆናል። የፊት ቆዳ ጸጉርና ቀዳዳ አለው፣ ወዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ቀለሙ እዚያ ላይ እንደ ከንፈር አይቀመጥም፤ ከጎን ሲታይም ከንፈሩ ሳይወጣ ቀለሙ ብቻ መውጣቱ ያስታውቃል። በሆሊውድ የጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን ማክስ ፋክተር የጆን ክሮፎርድን ከንፈር ከተፈጥሮ ድንበሩ አሳልፎ ሲስል በካሜራው ፊት ያምር ነበር። መብራቱና ማዕዘኑ ግን የተመረጡ ነበሩ። በመንገድ ላይ ሰው የሚታየው ከሁሉም አቅጣጫ ነው።

ለስስ ከንፈር መስመሩ ከፍ የሚለው በሁሉም ቦታ አይደለም። ከአፍንጫ ሥር በሚወርደው ስርጉድ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ጉብታዎች ላይ ከፍ ይላል፤ በታችኛው ከንፈር መሃል ላይ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከዚያ እየጠበበ ሄዶ የከንፈር ጥግ ጋ ሳይደርስ ከተፈጥሮው ድንበር ጋር ይገናኛል። ጥጉ በፍጹም መሰፋት የለበትም። ሰው ሲናገር፣ ሲስቅና ሲበላ አብዝቶ የሚንቀሳቀሰውና የሚረጥበው እርሱ ነው፤ እዚያ ላይ ያለፈ መስመር ይቀባባል፣ አፉንም ወደ ታች የተጎተተ ያስመስለዋል።

የላይነሩን ቀለም በተመለከተ የቆዳ ቀለም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በነጭ ወይም በጣም ቀይ በሆነ ቆዳ ላይ ከንፈሩን የሚመስል ወይም በጥቂቱ የሚጠቁር ላይነር ይበቃል፤ ጥቁር ቡናማ ከሆነ ክብ መስመር ብቻ ይታያል። ጠቆር ባለ ከንፈር ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። የከንፈሩ ድንበር ራሱ ጥቁር ነው። ከእርሱ በፈካ ላይነር ከድንበሩ ውጭ ከተሰመረ የተፈጥሮው ጥቁር ጠርዝ ከውስጥ ሁለተኛ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ከንፈሩም ድርብ ድንበር ያለው ይመስላል። ስለዚህ ጠይምና ጥቁር ሴት ከንፈሯን ለማስፋት የምትጠቀምበት ላይነር የጠርዟን ቀለም መምሰል ወይም ከእርሱ ትንሽ መጥቆር አለበት። በአዲሱ መስመርና በድሮው ድንበር መካከል ያለው ክፍተትም በዚያው ላይነር መሞላት አለበት።

ወፍራም ከንፈር ያላት ሴት ማሳነስ ግዴታዋ አይደለም፤ ማሳነስ እንዳለባት አድርጎ የሚጽፈው የቆየ የውበት መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊት የተለካ ነው። ማሳነስ የምትፈልግ ከሆነ መስመሩን ከድንበሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ታደርጋለች፤ ውጭ የቀረውን ጠርዝ ቆዳዋን በሚመስል ኮንሲለር ትሸፍናለች። ይህ ፈካ ያለ ከንፈር ባላት ሴት ላይ ይሠራል። ጠርዟ ጥቁር ከሆነ ግን ኮንሲለሩ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲለቅ ጥቁሩ ይወጣና ነገሩ ይበላሻል። ለእርሷ የሚሻለው በራሱ በድንበሩ ላይ ማስመርና ማት የሆነ፣ መካከለኛ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም መቀባት ነው። ወፍራም ከንፈርን ይበልጥ የሚያገዝፈው ቀለሙ ሳይሆን ግሎሱ ነው፤ ብርሃኑ ከታችኛው ከንፈር ላይ ሲነሳ መጠኑ ይቀንሳል። ሁለቱም ከንፈሮች ወፍራም ከሆኑ ከመሃል ይልቅ የጠርዙ ጥራት ነው ውበቱን የሚያመጣው፤ ወጣ ገባ ያለ መስመር በሰፊ ከንፈር ላይ ከሩቅ ይታያል።

ጥቁር ቡናማ ላይነር በዙሪያው፣ ፈካ ያለ ቀለም በመሃሉ የሚቀባበት ስልት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጥቁር አሜሪካውያንና ከላቲኖ ሴቶች ዘንድ በዓለም ተሰራጨ። የመነጨው ከችግር ነው። ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ሊፕስቲክ በሱቅ እንደልብ በማይገኝበት ዘመን ሴቶቹ በቡናማ የቅንድብ እርሳስ እያሰመሩ የሚገኘውን ፈዛዛ ቀለም ለራሳቸው አስማሙት። የኢቦኒ መጽሔት አሳታሚዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ፋሽን ፌር የተባለውን የጥቁር ሴቶች መዋቢያ የጀመሩትም ገበያው ይህን ፍላጎት ችላ ብሎት ስለነበር ነው። ስልቱ ዛሬም ጠቃሚ ነው፤ ቡናማው ከቆዳው ጋር ሲያገናኝ መሃሉ አመድ አይመስልም። ሁለቱ ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ ግን በጣት ወይም በትንሽ ብሩሽ መደባለቅ አለባቸው።

ይህ ሁሉ በአንድ ፊት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንዲት ጠይም ሴት ለሰርግ ስትዘጋጅ ማሰብ ይቻላል። የላይኛው ከንፈሯ ስስና ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ የታችኛው ሙሉና ሮዝማ ነው። የምትለብሰው ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ነው፤ ቀይ መቀባት ፈልጋለች። ቀኑን ሙሉ ጉንጭ ለጉንጭ ሰላምታ፣ ምግብና ነጠላ ስላለ የሚቀባባ ግሎስ አይሆናትም፤ የሮማን ቀለም ያለው ማት ቀይ ትመርጣለች። ላይነሯ ቀይ ሳይሆን የላይኛው ከንፈሯን ጠርዝ የሚመስል ቡናማ ያለበት ጥቁር ወይን ጠጅ ነው።

ፊቷን ማሰማመር ስትጀምር ከንፈሯን ቅባት ትቀባለች፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ በሶፍት ሙልጭ አድርጋ ትጠርገዋለች። ቅባቱ ከቀረ መስመሩ ይንሸራተታል፤ ጨርሶ ካልተቀባ ደግሞ ማቱ የከንፈሩን ስንጥቅ ያሳያል። በተቀረጸ ላይነር ከላይ በሁለቱ ጉብታዎች ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋ ነጥብ ትሰጣለች፤ ነጥቦቹን ታገናኝና ወደ ጎን እየወረደች የከንፈሩ ርዝመት ሩብ ሲቀረው ከራሱ ድንበር ጋር ታገናኘዋለች። ታችኛውን በድንበሩ ላይ ብቻ ታሰምራለች። ከዚያ በላይነሩ ሁለቱንም ከንፈሮች ሙሉ በሙሉ ትሞላለች። ይህ እርምጃ የሚዘለል ነው፤ ግን ሮዝማውን የታችኛውን ከጥቁሩ የላይኛው ጋር አንድ መሠረት ላይ የሚያቆመው እርሱ ነው። ካልተሞላ ያው ቀይ ከታች ደምቆ ከላይ ይከስማል፤ ስሱ ከንፈርም ይበልጥ ይጠፋል።

ሊፕስቲኩን በብሩሽ ስስ አድርጋ ትቀባለች፤ ሶፍት በከንፈሮቿ መካከል ጫን አድርጋ ታነሳለች፤ ከዚያ ሁለተኛ ስስ ሽፋን ትደግማለች። ሁለት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይበልጥ ይቆያል። በላይኛው ከንፈር መሃል ላይ ብቻ አንድ ደረጃ የፈካ ቀይ በጣት ጫፍ ነካ ታደርጋለች፤ ወደ ፊት መውጣት የሚፈለገው እርሱ ነውና። መጨረሻ ላይ ስንዴ በምታህል ኮንሲለር በጠፍጣፋ ብሩሽ የመስመሩን ውጭ ታጠራለች። ኮንሲለሩ ልክ የቆዳዋን ቀለም መሆን አለበት፤ ከፈካ በአፏ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይሠራል፤ ፎቶ ላይ ደግሞ ይብሳል።

መስመሩ መሳካቱ የሚታወቀው አፍ ተዘግቶ አይደለም። መስታወት ፊት ጮክ ብሎ መናገር፣ በሰፊው መሳቅ፣ ከዚያም ከጎን መታየት ያስፈልጋል። ሲሳቅ የላይኛው መስመር ከከንፈሩ ተለይቶ ከታየ በዝቷል፤ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። አንድ ክንድ ርቆ ሲታይ ከቀለሙ በፊት መስመሩ ዓይን ውስጥ ከገባ አልተደባለቀም። ቡና ተጠጥቶ መሃሉ ሲለቅ ዙሪያው ብቻ ከቀረ ላይነሩ ከንፈሩን አልሞላም ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ከከንፈር በላይ በሚወጡት ቀጫጭን መስመሮች ውስጥ ቀለም የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ቅባት የበዛበትን ትቶ ሰም የበዛበትንና ማት የሆነውን መያዝ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ከድንበር ውጭ ማስመር ጨርሶ መቅረት አለበት።

አንድ ነገር ብቻ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ያላት ጠይም ወይም ጥቁር ሴት ውድ ሊፕስቲክ ከምትገዛ የላይኛው ከንፈሯን ጠርዝ የሚመስል ጥሩ ላይነር ብትገዛ ይሻላታል። ብቻውን ተሞልቶ ቅባት ጣል ሲደረግበት ኑድ ይሆናል፤ ከቀይ ሥር፣ ከሮዝ ሥር፣ ሳይሄድላት መሳቢያ ውስጥ ከቀረው ፈዛዛ ሊፕስቲክም ሥር ይሠራል።